የሦስት ዓመቱ ወፍጮ ወይስ የስድስት ዓመቱ?

አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሁለት ፕሮፎርማ ዘርግቶ ተቀምጧል እንበል። ትንሹ ወፍጮ 300,000 ብር ነው፤ ሦስት ዓመት ይሠራል፤ የመብራቱ፣ የጥገናውና የሠራተኛው ወጪ ተነሥቶ በዓመት 170,000 ብር ያስገባል። ትልቁ 550,000 ብር ሲሆን ስድስት ዓመት እየሠራ በዓመት 180,000 ብር ያስገኛል። ወለዱ 15 በመቶ ነው።

ነገ የሚገኝ ብር ዛሬ ከተያዘ ብር ያንሳል። በዚህ ወለድ ከዓመት በኋላ የሚመጣ አንድ ብር ዛሬ 87 ሳንቲም ግድም ያወጣል፤ የሁለተኛው ዓመት 76፣ የሦስተኛው 66 ሳንቲም። ሲደመሩ ወደ 2.283 ይጠጋሉ። 170,000 በዚህ ተባዝቶ የመግዣው ዋጋ ሲቀነስ፣ ትንሹ ወፍጮ በዛሬ ብር 88,000 ያህል ያተርፋል። የስድስቱ ዓመት ድምር ደግሞ 3.784 ነው፤ በዚሁ ስሌት የትልቁ ትርፍ 131,000 ብር ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ትልቁን ይገዛል። ስህተቱም ይኼው ነው፤ የሦስት ዓመት ትርፍ ከስድስት ዓመት ትርፍ ጋር ተወዳድሯል። ትንሹ ወፍጮ ሲያልቅ ቤቱ አይዘጋም፤ ሌላ ይተከላል።

ተመጣጣኝ ዓመታዊ ትርፍ የሚባለው ስሌት ይህን ያስተካክላል። የእያንዳንዱ ጠቅላላ ትርፍ ለራሱ ድምር ይካፈላል። 88,000 ለ2.283 ሲካፈል በዓመት 38,600 ብር ግድም፣ 131,000 ለ3.784 ሲካፈል 34,600 ብር ግድም ይወጣል። ትንሹ በለጠ። የተጠራጠረ ሰው ትንሹን ሁለት ጊዜ ገዝቶ ያስላው፤ የስድስት ዓመቱ ትርፍ በዛሬ ብር 146,000 ይደርሳል።

ነገር ግን ስሌቱ አንድ ነገር አምኖ ይነሣል፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ወፍጮው በ300,000 ብር ይገኛል፣ ገቢውም ያው ነው ይላል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ የብር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ ያየ፣ ይህን እምነት ሳይመረምር አያልፍም። የማስፈጫው ዋጋ ባለበት ቆሞ የሁለተኛው ወፍጮ ዋጋ ከ322,000 ብር ገደማ ካለፈ ብልጫው ወደ ትልቁ ይዞራል። በሦስት ዓመት የ7.5 በመቶ ጭማሪ ብቻ ይበቃል ማለት ነው። ማስፈጫውም አብሮ ከጨመረ ደግሞ ሒሳቡ እንደገና ይሠራል።

የቤቱ ኪራይ ሦስት ዓመት ብቻ ከሆነና ከዚያ በኋላ ሥራው የሚቆም ከሆነ ይህ ስሌት ቦታ የለውም። ያኔ የሚጠየቀው አሮጌው ትልቅ ወፍጮ ስንት ይሸጣል የሚለው ነው፤ 345,000 ብር ያህል ካላወጣ ትንሹን አያክልም።