የኢንቴግራል ጥያቄን ከምርጫዎቹ ተነስቶ መመለስ

የካልኩለስን የምርጫ ጥያቄ ከምርጫዎቹ ተነስቶ መመለስ ከግምት አይለይም የሚለው አባባል በተፈታኞችም በአስተማሪዎችም ዘንድ ተደጋግሞ ይሰማል፤ ይሁንና አባባሉ ማስላትንና ማረጋገጥን ያምታታል። የአንድ ፈንክሽን ዲሪቬቲቭ ፈንክሽኑ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚለወጥበት ፍጥነት ሲሆን፣ ወሰን የሌለው ኢንቴግራል ደግሞ ዲሪቬቲቩ የተሰጠውን ፈንክሽን የሚሆን ሌላ ፈንክሽን ነው። ዲሪቬቲቭ ለማውጣት የብዜት፣ የክፍያና የተደራራቢ ፈንክሽኖች ሕጎች ስላሉ ሥራው እስከ መጨረሻው የተጠረገ መንገድ አለው። ወደ ኋላ የሚመልሰው መንገድ ግን እንዲህ አይደለም፤ እንዲያውም ጆሴፍ ሊዩቪል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በከፈተው ጥናት መሠረት እንደ e^(−x²) ያለው ፈንክሽን በተለመዱት ፈንክሽኖች የሚጻፍ ኢንቴግራል የለውም። ስለዚህ ቁልፍ ከመቅረጽ ይልቅ የተቀረጹትን አራት ቁልፎች በመቆለፊያው ላይ መሞከር የሚፈጥንበት ጊዜ መኖሩ ሊያስገርም አይገባም።

ለምሳሌ የ x² ln x ኢንቴግራል ቢጠየቅና የሚከተሉት ምርጫዎች ቢሰጡ (ቋሚው ቁጥር C በሁሉም ላይ የሚደመር ሆኖ)፦

ሀ) (x³/3) ln x + x³/9
ለ) (x³/3) ln x − x³/9
ሐ) (x³/2) ln x − x³/6
መ) 2x ln x + x

በቀጥታ የሚሠራ ተማሪ ብዜቱን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ክፍል ዲሪቬቲቭ፣ ሌላውን ኢንቴግራል ያደርግና ምልክቶቹን እየተጠነቀቀ ያሰላል። የሚፈትሽ ተማሪ ግን x = 1 ሲሆን ln x ዜሮ መሆኑን ያስተውላል፤ የተሰጠው ፈንክሽን በዚያ ነጥብ ዜሮ ስለሆነ የትክክለኛው ምርጫ ዲሪቬቲቭም እዚያው ዜሮ መሆን አለበት። የሀ ዲሪቬቲቭ 2/3፣ የመ ደግሞ 3 ስለሚሆን ሁለቱም ይወድቃሉ፤ ምርጫ መ በተለይ ኢንቴግራል ተጠይቆ ዲሪቬቲቭ ላወጣ ተማሪ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው። ለ እና ሐ ሁለቱም ዜሮ ይሰጣሉ። አንድ ነጥብ ሐሰተኛውን ምርጫ ይጥላል እንጂ እውነተኛውን አያጸድቅም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዲሪቬቲቮቹ በሙሉ ሲጻፉ ምርጫ ለ x² ln x ሲሰጥ፣ ምርጫ ሐ (3/2)x² ln x ስለሚሰጥ ጉዳዩ ያበቃል።

ፍተሻው ሌላም ጥቅም አለው፤ የ 2 sin x cos x ኢንቴግራልን አንዱ sin²x፣ ሌላው −cos²x ብሎ ቢያገኝ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ልዩነታቸው 1 ብቻ ስለሆነ C ውስጥ ይጠፋል። በቀጥታ የሠራ ተማሪ የራሱን መልስ ከምርጫዎቹ መካከል ሲያጣው የተሳሳተ ሊመስለው ይችላል፣ የሚፈትሸውን ግን የአጻጻፉ መልክ አያደናግረውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ምርጫዎቹ ፈንክሽኖች ሲሆኑ ነው። ያው x² ln x ከ1 እስከ e ባለው ወሰን ውስጥ የሚሸፍነው ስፋት ከተጠየቀና ምርጫዎቹ ቁጥሮች ከሆኑ፣ የቁጥር ዲሪቬቲቭ ሁልጊዜ ዜሮ ስለሆነ የሚፈተሽ ነገር አይኖርም። ፈንክሽኑ በወሰኑ ውስጥ ከዜሮ እንደማያንስና ከ e² እንደማይበልጥ በማየትና e²ን በወሰኑ ርዝመት በማባዛት አሉታዊ የሆኑትንና ከ12.7 ገደማ የሚበልጡትን ምርጫዎች መጣል ይቻላል፤ ከቀሩት መካከል ትክክለኛው (2e³ + 1)/9 መሆኑን ለማወቅ ግን በቀጥታ ከማስላት የሚያድን አቋራጭ የለም።