አንዲት ደንበኛ፣ ሦስት መልእክት

እህቴ ትንሽ የባልትና መደብር አላት። ለፋሲካ አዲስ በርበሬ መግባቱን ለደንበኞቿ በሞባይል መልእክት ባስታወቀች ማግስት አንዲት ሴት ደውላ «ሦስት ጊዜ ነው የደረሰኝ» አለቻት። ዝርዝሩን ኤክሴል ላይ ከፍተን ስንፈልጋት በአንዱ ረድፍ «ፀሐይ ኃይሉ»፣ ዝቅ ብሎ «ጸሀይ ሀይሉ»፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «ወ/ሮ ፀሃይ ሃይሉ» ሆና አገኘናት። እዚህ የጻፍኩት ስም እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ችግሩ ግን ያው ነው። ዝርዝሩ በተለያየ ጊዜ በሦስት ሰው እጅ የተሞላ ነበር።

ሰው አንብቦ አንድ መሆናቸውን ወዲያው ያውቃል። ለኮምፒውተር ግን ሐ እና ሀ እንደ በ እና ገ የተለያዩ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ብቻ ብንወስድ መነሻው ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። አነባበቡ ሳይለወጥ 12 ዓይነት አጻጻፍ ማለት ነው። «ኃይሉ» ሲጨመርበት 72 ይደርሳል።

ስለዚህ በስም አልጀመርንም፤ በስልክ ነው የጀመርነው። ስልኩም ቢሆን መልኩ ብዙ ነው፤ አንዱ በ+251 ይጀምራል፣ አንዱ በ09፣ አንዱ በየመሃሉ ሰረዝ አለው። ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ የፊቱን 0 የዋጠበትም አለ። የኢትዮጵያ ሞባይል ግን የአገሩ ኮድና የፊቱ 0 ሲነሱለት ሁልጊዜ 9 አሃዝ ይቀረዋል፤ የኢትዮ ቴሌኮም በ9፣ የሳፋሪኮም በ7 ይጀምራል። ዋናውን ፋይል ሳንነካ ቅጂ አወጣንና ስልኩ B አምድ ላይ ስለነበር C ላይ ይህን ጻፍን፦

```
=RIGHT(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(B2," ",""),"-",""),UNICHAR(160),""),9)
```

ፎርሙላው ክፍት ቦታውንና ሰረዙን አጥፍቶ የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ይወስዳል። UNICHAR(160) ከድረ ገጽ ሲገለበጥ አብሮ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ክፍት ቦታ ነው። ለዓይን ከተራው አይለይም፤ ክፍት ቦታ ያጠራል የሚባለው TRIM ግን አይነካውም። አንድ ስም ንጹሕ መስሎ አልገጥም ካለ በ=LEN(A2) ፊደሉን ማስቆጠር ነው። ሰባት ሆኖ የሚታየው ስምንት ከተባለ የተደበቀ ነገር አለ።

ፎርሙላውን ግን በጭፍን ማመን አይገባም። አንድ አሃዝ የጎደለው በ09 የሚጀምር ቁጥርም 9 አሃዝ ስለሚሆን ሳይነካ ያልፋል። አምዱን በቅደም ተከተል ስንደረድረው በ0 የሚጀምሩት እነዚህ ከላይ ተሰበሰቡ። የውጭ አገር ቁጥር የባሰ ያታልላል። ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ ቁጥሩ በ+1 571 ቢጀምር የመጨረሻዎቹ 9 አሃዞች በ7 ይጀምራሉና የሳፋሪኮም ደንበኛ መስሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ የውጭዎቹን አስቀድሞ ወደ ሌላ ገጽ ማውጣት ይሻላል። አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ስልክ ከተጻፈም ፎርሙላው የመጀመሪያውን ይጥለዋል።

ከዚያ =COUNTIF(C:C,C2) ከ1 በላይ ያወጣባቸውን ረድፎች ለይተን ስማቸውን ማየት ጀመርን። እዚህ ላይ የሰውን ስም እኛ እንደመሰለን «ማረም» የለብንም። ስሙን እንዳለ ትተን ለማመሳከሪያ ብቻ የሚሆን ሌላ አምድ ከፈትንና ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እዚያ አንድ አደረግን፦

```
=SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(A2,"ሐ","ሀ"),"ኃ","ሀ"),"ሃ","ሀ"),"ፀ","ጸ")
```

ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ሌሎቹም ሆሄያት በዚሁ መንገድ ይጨመራሉ። ቅደም ተከተሉን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ወ/ማርያም»ን ወደ «ወልደማርያም» ለመፍታት ብዬ «ወ/»ን በጅምላ «ወልደ» ባደርገው «ወ/ሮ» የነበሩት ሁሉ «ወልደሮ» ሆነው አረፉት። መጀመሪያ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ አቶ፣ ዶ/ር የሚሉትን ወደ ራሳቸው አምድ ማውጣት ነበረብኝ።

ስልኩም ስሙም የገጠመውን ወደ አንድ ረድፍ አመጣነው። ስልኩ አንድ ሆኖ ስሙ የተለያየውን ግን አልነካነውም፤ እናት በልጇ ስልክ ትመዘገባለች፣ ባልና ሚስትም አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። ስሙ አንድ ሆኖ ስልኩ የተለያየውንም እንዲሁ ተውነው፤ በስምና በአባት ስም ብቻ የሚገጣጠም ሰው እኛ አገር ሞልቷል። ለእነዚህ እህቴ ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች።

ሦስት ጊዜ መልእክት ለደረሳት ደንበኛም ደወለችላት፤ ስሟን እንዴት እንደምትጽፈው ለመጠየቅ። «በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ» አለቻት ሴትየዋ፤ «የአባቴ ደግሞ በብዙኃኑ ኃ።» እህቴም እንደዚያው ጻፈችው።