ቪፒኤን ሲበራ ቪዲዮ የሚቆራረጠው ለምንድን ነው?

ቪፒኤን ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር የሚወጣውን መረጃ በምስጢር ቆልፎ ሌላ ቦታ ወዳለ ሰርቨር ይልካል። ከዚያ በኋላ ወደ ዩቲዩብም ሆነ ወደ ኔትፍሊክስ የሚሄደው ጥያቄ የሚነሳው ከተጠቃሚው ቤት ሳይሆን ከዚያ ሰርቨር ነው። ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ይህ አሠራር ሁለት ዓይነት ችግር ያመጣል። አንዱ መዘግየት ነው፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ የመጫኛው ክብ ይሽከረከራል፣ ቪዲዮው ተራምዶ ይቆማል። ሌላው መታገድ ነው፤ ፍጥነቱ በቂ ሆኖ ሳለ አገልግሎቱ ራሱ በሩን ይዘጋል። ምክንያታቸውም መፍትሔያቸውም ስለሚለያይ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የገጠመው ችግር የትኛው እንደሆነ ነው።

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ከቪፒኤን ጋር የተዋወቀው ማኅበራዊ ሚዲያ በተዘጋባቸው ጊዜያት ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የኢንተርኔት ጥሪ በሚገደብበት ቦታ ከቤተሰብ ጋር ለመነጋገር ሲሉ ይጭኑታል። መተግበሪያው ስልኩ ሲከፈት በራሱ እንዲነሳ ተደርጎ ከተተወ፣ የተጫነበት ምክንያት ካለፈ በኋላም እያንዳንዱን ቪዲዮ በዚያው ጠመዝማዛ መንገድ ማሳለፉን ይቀጥላል። ባለቤቱ ግን ጥፋቱን በኔትወርኩ ላይ ያሳብባል።

የመዘግየት ዋናው ምክንያት ርቀት ነው። ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ ብዙ ሰው የሚያያቸውን ቪዲዮዎች ቅጂ በየአገሩ ባሉ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ግቢ ውስጥ ጭምር ያስቀምጣሉ፤ ተመልካቹ ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከቅርብ እንዲቀዳ ነው። የቪፒኤኑ ሰርቨር ኒውዮርክ ከሆነ ግን አገልግሎቱ ተመልካቹን ኒውዮርክ ያለ ሰው አድርጎ ስለሚቆጥረው ቪዲዮውን ለኒውዮርክ ከሚቀርበው ቅጂ ይልክለታል። ከአዲስ አበባ ኒውዮርክ በቀጥታ መስመር ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ምንም መጨናነቅ ባይኖር እንኳ ከ110 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። የባሕር ውስጥ ገመዶች ቀጥ ብለው ስለማይዘረጉም እውነተኛው ጊዜ ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

ይህ የሰከንድ ሽራፊ ብቻውን ቪዲዮ አያቆምም። ጉዳቱ የሚመጣው መረጃ ከሚላክበት ሥርዓት ነው። ላኪው ሰርቨር የተወሰነ መጠን ያለው መረጃ ይልክና «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ምላሹ በቶሎ ሲመለስ መጠኑን ይጨምራል፣ በመንገድ ላይ የጠፋ ነገር ካለ ይቀንሳል። ደርሶ መልሱ በረዘመ ቁጥር ፍጥነቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከወደቀም በኋላ ለማገገም ጊዜ ይወስድበታል። የሞባይል ዳታ በየመሀሉ ጥቂት መረጃ ማጣቱ ያለ ነገር ነው። መንገዱ አጭር ሲሆን ያ ጥፋት አይታወቅም፤ ሲረዝም ግን ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ከርቀት ቀጥሎ የሚመጣው የሰርቨሩ መጨናነቅ ነው። በነፃ የሚሰጡ ቪፒኤኖች ብዙ ተጠቃሚ በጥቂት ሰርቨሮች ላይ ስለሚያከማቹ፣ ቤት ያለው መስመር ጥሩ ቢሆንም ሰርቨሩ ጋ ሲደረስ ወረፋ ይጠብቃል። የአላላኩ ዘዴም ለውጥ ያመጣል። በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ ከ OpenVPN TCP ይልቅ WireGuard ከተመረጠ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ይቀላል፤ የመጀመሪያው የጠፋ መረጃን በሁለት ደረጃ መልሶ ለመላክ ስለሚሞክር ደካማ መስመር ላይ ይንቀራፈፋል። ምስጢር የመቆለፉ ሥራ ግን በዛሬ ስልክ ላይ ሸክሙ ትንሽ ነው፤ የሚከብደው በርካሽ ራውተርና በአሮጌ የቴሌቪዥን መሣሪያ ላይ ነው።

መታገድ የሚነሳው ከሌላ ቦታ ነው። የፊልም አገልግሎቶች አንድን ፊልም የማሳየት መብት የሚገዙት ለየአገሩ ለየብቻ ስለሆነ ተመልካቹ የት እንዳለ ከአይፒ አድራሻው ያያሉ። የቪፒኤን ሰርቨሮች የሚቀመጡት በዳታ ማዕከል ውስጥ ነው፤ የዳታ ማዕከል አድራሻ ከቤት ኢንተርኔት አድራሻ እንደሚለይ ደግሞ በይፋ ከሚገኙ መዝገቦች ይታወቃል። በዚያ ላይ ከአንድ አድራሻ የብዙ ሰዎች መለያ በአንድ ጊዜ ሲገባ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ኔትፍሊክስ በ2016 እ.ኤ.አ. ይህን መከላከል ሲያጠብቅ በኮምፒውተር ላይ M7111-5059 የሚል የስህተት ቁጥር ይታይ ነበር። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ምንም መልእክት የሌለውን እገዳ ነው፤ ቪፒኤን እንዳለ ሲያውቅ ኔትፍሊክስ ለመላው ዓለም መብት ያለውን ፊልም ብቻ ያሳያል፣ ሌላው ከዝርዝሩ ይጠፋል። ማስታወቂያ ባለበት ርካሽ ክፍያና በቀጥታ ሥርጭት ላይ ደግሞ ቪፒኤንን ጨርሶ አይቀበልም። ዩቲዩብም በበኩሉ ከተጨናነቀ የቪፒኤን አድራሻ ለሚመጣ ሰው ሮቦት አለመሆኑን በመግባት እንዲያረጋግጥ ሊጠይቀው ይችላል።

ጥፋቱ የቪፒኤኑ መሆን አለመሆኑ የሚለየው አጥፍቶ በመሞከር ነው፤ ማጥፋቱ ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። መተግበሪያውን ከስክሪን ላይ ጠርጎ መዝጋት ግንኙነቱን አያቋርጠውም። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ከላይ ባለው መስመር የቁልፍ ምልክት፣ በአይፎን ላይ VPN የሚል ጽሑፍ እስከታየ ድረስ በርቷል ማለት ነው። በአንድሮይድ ቅንብር ውስጥ Always-on VPN የሚለው ከተመረጠ ሲያጠፉት ራሱ ተመልሶ ይበራል፤ Block connections without VPN የሚለውም አብሮ ከበራ ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱ ጭምር ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ «ያለ ቪፒኤን ኔትወርክ የለም» የሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ መድረስ ቀላል ነው። በብራውዘር ላይ የተጨመረ ቪፒኤን እና ራውተር ላይ የተጫነ ቪፒኤንም ስልኩ ላይ ምንም ምልክት አያሳዩም። ስለዚህ ከመሞከር በፊት እንደ ipinfo.io ያለ ገጽ ተከፍቶ የሚታየው አገርና የኢንተርኔት አቅራቢ የራስ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። አሁንም ኔዘርላንድስ ወይም አሜሪካ የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ የቀረ ቪፒኤን አለ።

ለመለኪያ fast.com ይመረጣል። ይህ ገጽ የኔትፍሊክስ ስለሆነ የሚለካው ቪዲዮ ከሚመጣባቸው ሰርቨሮች ያለውን ፍጥነት ነው። Show more info የሚለው ሲነካም ደርሶ መልሱን በሚሊ ሰከንድ፣ የሚያገለግለው ሰርቨር ያለበትን ከተማም ያሳያል። ልኬቱ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ዋይፋይ፣ በደቂቃዎች ልዩነት ውስጥ እያፈራረቁ መደረግ አለበት፤ በርቶ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና በርቶ፣ እንደገና ጠፍቶ። አንድ ጊዜ ብቻ መለካት የማይበቃው የምሽት ኔትወርክ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ስለሚለዋወጥ ነው።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ 10 ሜጋ ቢት የቤት ኢንተርኔት ያለው ቤተሰብ ምሽት ላይ ፊልሙ ደበዘዘበት እንበል። ቪፒኤኑ በኒውዮርክ ሰርቨር በርቶ 2.4፣ ጠፍቶ 9.1፣ በርቶ 2.7፣ ጠፍቶ 8.8 ሜጋ ቢት ተመዘገበ። ኔትፍሊክስ ለመካከለኛ ጥራት 3፣ ለሙሉ ጥራት 5፣ ለ4ኬ 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይመክራል። ይህ መስመር ቪፒኤን ሲጠፋ ሙሉ ጥራት ይችላል፤ ሲበራ መካከለኛውንም አይሞላም። ሁለቱም ዙር ተመሳሳይ ውጤት ስላሳየ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ቀጥሎ ቪፒኤኑ ሳይጠፋ ሰርቨሩ ወደ ናይሮቢ ተቀይሮ 6.5 ቢመዘገብ፣ ጥፋቱ የርቀቱ ወይም የዚያ ሰርቨር መጨናነቅ እንጂ የቪፒኤን አሠራር በጠቅላላው አልነበረም፤ ቅርብ ሰርቨር መምረጡ ይበቃል። አራቱም ልኬቶች በ2.5 ዙሪያ ቢሆኑ ኖሮ ግን ቪፒኤኑ ንጹሕ ነው፤ መታየት ያለበት ዋይፋዩ ወይም መስመሩ ነው።

አልፎ አልፎ ውጤቱ ይገለበጣል፤ ቪፒኤን ሲበራ ይፈጥናል። ይህ ሲሆን አቅራቢው የቪዲዮ መረጃን ለይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ወደዚያ አገልግሎት የሚወስደው መንገዱ ተጨናንቋል ማለት ነው። መረጃው ሲቆለፍ አቅራቢው ቪዲዮ መሆኑን ስለማያውቅ በሌላ መንገድ ያልፋል። ይኸው አለመታወቅ በሌላ በኩል ኪስ ይጎዳል። ለአንድ መተግበሪያ ብቻ የሚያገለግል የዳታ ጥቅል የገዛ ሰው ቪፒኤን ሲያበራ መረጃው የየትኛው መተግበሪያ እንደሆነ ስለማይለይ ከጥቅሉ ሳይሆን ከዋናው ሒሳብ ሊቆረጥ ይችላል።

እገዳን ለመፈተሽ ፍጥነት መለካት አይጠቅምም። ቪፒኤኑ ከጠፋ በኋላ መተግበሪያው በደንብ ተዘግቶ እንደገና መከፈት አለበት፤ ቴሌቪዥን ከሆነ ከሶኬት ተነቅሎ ይሰካል፤ በብራውዘር ከሆነ አዲስ የግል መስኮት ይከፈታል። ይህ የሚደረገው መተግበሪያው የቀድሞውን አድራሻ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ነው። ከዚያ በኋላ ከተከፈተ ምክንያቱ ቪፒኤኑ ነበር፤ ሌላ ሰርቨር መቀያየሩም ብዙ ጊዜ የአጭር ጊዜ መፍትሔ ነው፣ ያም አድራሻ ውሎ አድሮ ይመዘገባል። የሚሻለው መተግበሪያው split tunneling የሚባል ምርጫ ካለው የፊልሙን መተግበሪያ ብቻ ከቪፒኤኑ ማስወጣት ነው። ምርጫው በአንድሮይድ ላይ በብዛት ይገኛል፤ በአይፎን ላይ ግን አብዛኞቹ ቪፒኤኖች የላቸውም።

ሙከራው ጥንቃቄ የሚሻበት ሁኔታም አለ። ለደኅንነቱ ሲል ማንነቱን መሸፈን ያለበት ሰው በዚያው ስልክ ላይ ቪፒኤኑን አጥፍቶ መሞከር የለበትም፤ ሌላ መሣሪያ ይጠቀም። የመሥሪያ ቤት ስልክ ከሆነም ፈቃድ ሳይጠየቅ አይጠፋም። ያለ ቪፒኤን የማይከፈት አገልግሎትን ማወዳደር ስለማይቻል በዚያ ጊዜ የሚለካው ባልተዘጋ ገጽ ላይ ነው።

ቪፒኤኑ ጠፍቶ፣ ipinfo.io ትክክለኛውን አገርና አቅራቢ እያሳየም እገዳው ከቀጠለ፣ በሌላ መስመር ለምሳሌ በሞባይል ዳታ ይሞከራል። በዚያ ከሠራ የቤቱ መስመር የያዘው አድራሻ በስህተት የቪፒኤን ተብሎ ተመዝግቧል ማለት ነው። አድራሻውን መቀየር ወይም ምዝገባውን ማስተካከል የሚችለው ተጠቃሚው ሳይሆን ኢንተርኔት አቅራቢው ስለሆነ፣ የአይፒ አድራሻውንና የታየውን የስህተት መልእክት ጽፎ ለአቅራቢው ማመልከት ያስፈልጋል።