የደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ

የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ለፋብሪካ ኢንተርንሺፕ ሲያመለክት ብዙ ጊዜ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ምንም እንኳ የሥራ ልምድ ባይኖረኝም፣ ታታሪና ለመማር ዝግጁ ነኝ።» ደብዳቤው የሚጻፈው ለሰው ኃይል አስተዳደር ቢሆንም፣ ተማሪውን የሚቀበለው የምርት ወይም የጥገና ክፍል ኃላፊ ነው። እሱ ደግሞ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የሚያገኘው ጉድለትን ብቻ ነው። ታታሪነቱን ማንም ይጽፈዋል።

ልምድ የሌለው ተማሪ እንኳ በወርክሾፕ የሠራው ነገር አለ። ለምሳሌ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

«በጥገና ክፍላችሁ ለመለማመድ አመለክታለሁ። በዩኒቨርሲቲያችን ወርክሾፕ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ዘንጎች በሌዝ ማሽን ስንሠራ፣ አንዳንዶቹ በ0.1 ሚሊ ሜትር ወፍረው ወጡ። በካሊፐር እየለካሁ ምክንያቱን ስፈልግ፣ መቁረጫው በደንብ ስላልታሰረ ወደኋላ እንደሚሸሽ አገኘሁ። አጥብቀን ስናስረው ልኩ ተስተካከለ። ከሐምሌ ጀምሮ ለሁለት ወር በሙሉ ጊዜ መሥራት እችላለሁ።»

እዚህ ውስጥ «ልምድ» የሚል ቃል የለም፤ ግን ኃላፊው ተማሪው መለካት እንደሚያውቅና የብልሽትን ምክንያት እንደሚከታተል ያያል። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ የጥገና ክፍል ውሎ ምክንያት ፍለጋ ነውና። ክፍሉና ጊዜው መጠቀሱም ኃላፊው ቦታ መኖሩን ወዲያው እንዲያይ ይረዳዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ማጋነን ላይ ነው። ሲኤንሲ ማሽን ሲሠራ ቆሞ ያየ ተማሪ «ሠርቻለሁ» ብሎ ከጻፈ፣ ኃላፊው ቃለ መጠይቅ ላይ የዜሮ ነጥቡን እንዴት እንዳስተካከለ ይጠይቀዋል። «ሲሠራ ተከታትያለሁ» ብሎ የጻፈው ግን ያየውን መናገር ይበቃዋል።