ጎፈሬውን ሳይላጩ ሰውን ከፎቶ ማውጣት

«ልጄ፣ እህታቸው አሜሪካ ናት፤ ለሰርጉ አልደረሰችም። ከመሀላቸው አቁምልኝ» አሉኝ አንዲት እናት፣ ስልካቸውን እየዘረጉ። በስልኩ ላይ ያለችው ልጅ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ ጎፈሬዋን ለነፋስ ለቃ ቆማለች። ከወገቧ በላይ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከወገቧ በታች ግራጫ የሲሚንቶ አጥር ነው። ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ፊቷ አይደለም፤ ስለ ፀጉሯ ነው።

ደግነቱ እናትየው የነገሩኝ የቤተሰቡን ፎቶ ከማንሳቴ በፊት ነበር። በቁመት የምትቀራረባትን የአክስቷን ልጅ በቦታዋ አቆምኩና አነሳሁ፤ ከዚያ ካሜራውን ከትራይፖዱ ሳላነቃንቅ የአክስቷን ልጅ ከመስመር አውጥቼ ባዶውን ቦታ ደግሜ አነሳሁ። የመጀመሪያው ፎቶ መጠኑንና ጥላው የሚወድቅበትን ቦታ ያሳየኛል። ሁለተኛው ደግሞ ከታች የሚነጠፈው ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ከቀጭኗ እህት ጀርባ የወፍራሟ የአክስቷ ልጅ ትከሻ ብቅ ይል ነበር።

አሁን ልጅቷን እናውጣት። ጀማሪ ሁሉ በመቀስ እንደሚቆርጥ አድርጎ ያስባል፤ ጎፈሬው የራስ ቁር የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። በፎቶሾፕ ሰውን የሚያወጣው ማስክ የሚባለው ሲሆን፣ ማስክ መስመር ሳይሆን ራሱን የቻለ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። ነጩ ያሳያል፤ ጥቁሩ ይደብቃል፤ ግራጫው በመጠኑ ያሳያል። አንዲት የፀጉር ዘለላ ብዙ ጊዜ ከአንድ ፒክስል ትቀጥናለች። ስለዚህ ያ ፒክስል ከፊሉ ፀጉር፣ ከፊሉ ሰማይ ነው፤ ማስኩም እዚያ ላይ ግራጫ መሆን አለበት። ያንን ግራጫ በእጅ ለመሳል መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ፎቶው ውስጥ አስቀድሞ አለ።

የሚገኘውም በቻናሎቹ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ባለቀለም ፎቶ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚባሉ ሦስት የጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ድርብ ነው። ሦስቱን በየተራ ከፍቶ ማየት ነው። በዚህኛው ፎቶ ቀዩ ቻናል ላይ ሰማዩ ጠቆር ብሎ ከፀጉሩ ጋር ይቀራረባል፤ ሰማያዊው ላይ ግን ሰማዩ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ጎፈሬው ደግሞ ከሰል ነው። ዳራው ቢጫ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ቢጫ በሰማያዊው ቻናል ይጠቁራል። ስለዚህ «ሁሌም ሰማያዊውን» የሚለውን የሠፈር ምክር አትስሙ፤ እያያችሁ ምረጡ።

የተመረጠውን ቻናል ቅጂ አወጣለሁ፤ ዋናውን ብነካው የፎቶው ቀለም ይበላሻል። Blue copy በተባለው ቅጂ ላይ Ctrl+L ተጭኜ Levels እከፍትና የጥቁሩን መንሸራተቻ ወደ 60፣ የነጩን ወደ 205 አመጣለሁ። ከ60 በታች ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር፣ ከ205 በላይ ያለው ሁሉ ድፍን ነጭ ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሮቹ የዚህ ፎቶ እንጂ የሌላ አይደሉም። ስግብግብነት የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ግራጫው እስኪጠፋ ከተጨመቀ ዘለላዎቹ የተቆራረጠ ሽቦ ይመስላሉ። በፀጉሩ ጫፍ ላይ ገና ግራጫ ጭስ እያየሁ አቆማለሁ። ከዚያ Ctrl+I ይገለብጠዋል፤ ፀጉሩ ነጭ፣ ሰማዩ ጥቁር ይሆናል።

ሰማዩ ላይ የቀረውን ብናኝ የማጠፋው በተለመደው ብሩሽ አይደለም። የብሩሹን ሁነታ Overlay አደርግና በጥቁር ቀለም፣ 20 በመቶ ያህል ብቻ፣ ደጋግሜ አልፍበታለሁ። በዚህ ሁነታ ጥቁር ቀለም ጠቆር ያለውን ያጠቁራል እንጂ ነጩን አይነካም፤ ዘለላው ላይ ቢያልፍም ዘለላው ይተርፋል።

ይህ ሁሉ ግን ለጎፈሬው ብቻ ነው። ነጭ ቀሚስ በግራጫ አጥር ፊት በየትኛውም ቻናል ንጹሕ ሆኖ አይለይም። ሰውነቷን በፔን ቱል ዙሪያዋን እከተላለሁ፤ ወደ ራሷ ስደርስ መስመሩን ከፀጉሩ ውስጥ፣ ድፍኑ ጋ እዘጋዋለሁ። የተመረጠውን በዚያው ቻናል ላይ ነጭ እሞላዋለሁ፤ ከአጥሩ በኩል የቀረውን ጥቁር እቀባለሁ። ነጠላው ሦስተኛ ጉዳይ ነው። ነጠል ብሎ የወረደው ጫፉ ብርሃን ያሳልፋል፣ አጥሩም በውስጡ ይታያል። እዚያ ማስኩን በትንሹ ግራጫ አደርገዋለሁ፤ አለበለዚያ ነጠላው የወረቀት ቅድ ይመስላል።

ቻናሉን Ctrl ይዤ ስጫነው ምርጫ ይሆናል፤ ምርጫውም በፎቶው ላይ ማስክ ይሆናል። ቀጥሎ Select and Mask ነው። እዚያ Refine Edge Brush የሚባለውን የማስኬደው በጎፈሬው ዳር ዳር ብቻ ነው። Radius የሚለውን ለመላው ሰው መጨመር የቀሚሱን ጠርዝ ያስበላል፤ Smooth ደግሞ ቀጫጭኑን ፀጉር ይላጨዋል፤ ሁለቱንም ዜሮ ላይ እተዋለሁ።

ማስኩ ልክ ሆኖም ልጅቷን በቤተሰቡ ፎቶ ላይ ካለው ዛፍ ፊት ሳቆማት ጎፈሬዋ እንደ ቅዱሳን ሥዕል አክሊለ ብርሃን አወጣ። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። በሰማያዊው ቻናል ፀጉሯ 30፣ ሰማዩ 230 ነው እንበል፤ ዛፉ ደግሞ 50። ፒክስሉ 40 በመቶ ፀጉር ከሆነ በፎቶው ላይ 150 ሆኖ ተመዝግቧል፤ አብዛኛው ሰማይ ነውና። ማስኩ ከዚህ ከ150ው 40 በመቶ፣ ከዛፉ 60 በመቶ ሲወስድ 90 ይመጣል። እውነተኛ ፀጉር ዛፉ ፊት ቢሆን ግን 42 ነበር። ማስኩ መጠኑን እንጂ ቀለሙን አላጸዳም፤ አሮጌው ሰማይ ከፀጉሩ ጋር አብሮ ተሰዷል።

Decontaminate Colors የሚለው ይህን በራሱ ለማረም ይሞክራል፤ ለለስላሳ ፀጉር ይሠራል፣ ለጎፈሬ ግን ብዙ ጊዜ ያቦካዋል። እኔ ከልጅቷ በላይ አዲስ ሌየር እከፍታለሁ፤ በ Alt+Ctrl+G ከእሷ ጋር አያይዘዋለሁ፤ Alt ይዤ ከፀጉሯ ውስጥ ቀለም እወስድና የጠርዙን ጫፍ ብቻ እቀባለሁ። 150 የነበረው 30 ሲሆን ሒሳቡ ራሱ 42 ላይ ያርፋል። ወደ ውስጥ ከገባሁ ግን የጥቅሉ ቅርጽ ይጠፋል።

መፈተኛው ከሥሯ ድፍን ጥቁር፣ ቀጥሎ ድፍን ነጭ፣ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ አንጥፎ በ100 በመቶ ማየት ነው። ጥቁሩ የሰማይ ርዝራዥን ያጋልጣል፤ ነጩ የአጥሩን። እግሯ ጋ ያለውን ጥላ ከአክስቷ ልጅ ፎቶ እያየሁ ሠራሁት፤ ጫማው ሥር ጠባብና ጥቁር፣ እየራቀ ሲሄድ የሚሳሳ ነው። ያለ እሱ ሰው ሣር ላይ ቆሞም ይንሳፈፋል።

ከእናትየው ስልክ የተቀበልኩት የመጀመሪያው ቅጂ ለዚህ ሁሉ አልሆነም። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ ስለነበር ተጨምቋል፤ ጭመቃው ቀለምን ከብርሃን ይልቅ ስለሚያደቅ ሰማያዊው ቻናል በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተሞልቷል፣ ቀጫጭኑ ዘለላም ውስጣቸው ጠፍቷል። የጠፋ ዘለላን የሚመልስ ቻናል የለም። ውጭ ያለች እህታችሁን እንዲህ ልታስገቡ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ፎቶውን እንደ ፋይል ትላክላችሁ።