11.4 ደህና ነው ወይ?

አንዲት እህት የክትትል ካርዷን ፎቶ አንስታ ልካልኝ «ሲስተር፣ ሄሞግሎቢኔ 11.4 ነው፤ ደህና ነው ተብያለሁ፤ ታዲያ ለምን ነው ደረጃ ስወጣ የሚያደክመኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን በምሳሌ ላስረዳችሁ። የምነግራችሁ እናት የአንዲት ሴት ታሪክ ሳትሆን በአዋላጅነት ሥራዬ ካየኋቸው ካርዶች ያሰባሰብኳት ናት።

ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58። በ12ኛው ሳምንት ክትትል ስትጀምር 48 ኪሎ ነበረች። ከእርግዝና በፊት ስንት እንደነበረች አታውቅም፤ ብዙዎቻችን አናውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ክብደት መነሻ እናደርጋለን። ክብደቷን ለቁመቷ ካሬ ስናካፍል 19.2 ይመጣል። መደበኛ ነው፤ ግን ዝቅተኛ ክብደት ከሚጀምርበት ከ18.5 ብዙም አይርቅም።

በ20ኛው ሳምንት 51.5፣ በ28ኛው 52.7 ኪሎ ሆነች። ካርዱን ላይ ላዩን ያየ «ጨምራለች» ብሎ ያልፋል። ጥያቄው ግን በምን ፍጥነት ጨመረች ነው። በመደበኛ ክብደት ጀምራ አንድ ልጅ ያረገዘች ሴት ከአራተኛው ወር ወዲህ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም ትጨምራለች ተብሎ ይጠበቃል። እሷ በመጨረሻዎቹ ስምንት ሳምንታት የጨመረችው 1.2 ኪሎ፣ ማለትም በሳምንት 150 ግራም ብቻ ነው። ሚዛኑ ተቀይሮ ወይም አንዴ ጋቢ ለብሳ፣ አንዴ አውልቃ ተመዝና ይሆን? ይህን ለማጣራት የላይኛው ክንዷ ዙሪያ ተለካ፤ 22.5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የክንድ ዙሪያ በእርግዝና ብዙም ስለማይለወጥ ጥሩ ምስክር ነው። ከ23 በታች ከሆነ የምግብ እጥረት ያሳያል። ሚዛኑ አልዋሸም።

አሁን ወደ ደሙ። በ12ኛው ሳምንት 13.0፣ በ28ኛው 11.4። በእርግዝና የደሙ ውሃማ ክፍል ከቀይ የደም ሴሎች ፈጥኖ ስለሚጨምር ቁጥሩ ትንሽ መውረዱ ያለ ነገር ነው። በሦስተኛው የእርግዝና ክፍል የደም ማነስ የሚባለው ከ11 በታች ስለሆነ ካርዱ ላይ «ደህና» ተብሎ ተጻፈ።

የተረሳው ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል፤ 11 የሚለው መስመር ግን የተሰመረው ለባሕር ወለል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር ለሚኖር ሰው ከውጤቱ 1.8 ይቀነሳል። 11.4 ሲቀነስ 1.8፣ 9.6 ነው። ከ7 እስከ 9.9 ደግሞ መካከለኛ የደም ማነስ ይባላል። የአዲስ አበባ ሰዎች፣ የእናንተ በአብዛኛው 1.4 ነው።

«ኪኒኑን ትወስጃለሽ?» ስትባል «አዎ ሲስተር፣ በየቀኑ ከቡና ጋር» አለች። ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ጾም ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ አትቀምስም። ለካ ክብደቱም ደሙም ምክንያታቸው አንድ አካባቢ ነበር።

ካርዱ ላይ «ደህና» ተሰርዞ እንዲህ ተጻፈ፦

«28ኛ ሳምንት። ስጋት፦ ከፍ ያለ። ምክንያት፦ ሄሞግሎቢን 11.4፣ በከፍታ ሲስተካከል 9.6፤ ጭማሪ በሳምንት 150 ግራም፤ ክንድ 22.5። የተደረገ፦ አይረን ወደ ሕክምና መጠን ከፍ ብሏል፣ ከቡና ተለይቶ ይወሰድ፤ አንድ ተጨማሪ ማዕድ፤ ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷን ታማክር። ቀጠሮ፦ ክብደት በ2 ሳምንት፣ ደም በ4 ሳምንት።»

«ከፍ ያለ ስጋት» ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ቀጣዩ ባለሙያ ከምን ተነስቶ እንደተባለ አያውቅም፤ መሻሻሏንም መለካት አይችልም። የተስተካከለው ቁጥር ብቻውን ቢጻፍ ደግሞ ሌላው እንደገና 1.8 ሊቀንስበት ይችላል። ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፉ።

በ32ኛው ሳምንት 54.3 ኪሎ ሆነች፤ በሳምንት 400 ግራም። ሄሞግሎቢን 12.5፣ ሲስተካከል 10.7፤ ቀላል የደም ማነስ። ኪኒኑን በትክክል እየወሰደች ከፍ ባይል ኖሮ የሆድ ትል፣ ወባ ወይም ሌላ ምክንያት ይፈለግ ነበር። ክብደቱ በድንገት ዘሎ ፊትና እጅ ቢያብጥ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፤ ያኔ ቶሎ የሚለካው የደም ግፊት ነው።

እህቴ፣ ያንቺ 11.4 ደህና መሆን አለመሆኑን ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም። ነገ ካርድሽን ይዘሽ ሂጂና ሁለት ነገር ጠይቂ፦ «ከፍታው ተቀንሶለታል? ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ በሳምንት ስንት ግራም ጨመርኩ?»