ክፍሉ ሲዘጋ ሠራተኛው የሚቀበለው ደብዳቤ

ሠላሳ ሠራተኞች ያሉት አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ እንበል። የእንጨት ሥራው ደህና ይሄዳል፤ የሶፋ ክፍሉ ግን ትዕዛዝ አጥቷል፤ ባለቤቱም ሊዘጋው ወስኗል። በክፍሉ የሚሠሩት ስድስት ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ አምስት ሰው ሲነካ ጉዳዩ «የሠራተኛ ቅነሳ» ይባላል። ስለዚህ ባለቤቱ ማን እንደሚቀነስ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት።

ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ ለሠራተኛው በእጁ ይሰጣል፤ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀንም መግለጽ አለበት። ብዙ ደብዳቤዎች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። «በድርጅቱ ውስጣዊ ችግር ምክንያት» የሚል ዓረፍተ ነገር ለሠራተኛው ምንም አይነግረውም፤ ክርክር ቢነሳም አሠሪውን አያድነውም። «የሶፋ ትዕዛዝ በመቀነሱ ክፍሉ በቋሚነት ስለሚዘጋ የሥራ መደብዎ ቀርቷል» ብሎ መጻፍ ግን ሐቁን ያስቀምጣል፤ ሰውየው የሚወጣው በጥፋቱ እንዳልሆነም ይመሰክርለታል። ነገ ሌላ ቦታ ሥራ ሲጠይቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነው። የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተሰጠበት ማግስት ጀምሮ ነው። ጥቅምት 1 ቀን የተቀበለ ሰው ውሉ የሚያበቃው ታኅሣሥ 1 ነው፤ እስከዚያ ይሠራል፣ ደመወዙም አይቋረጥም።

የስንብት ክፍያውን በአንድ ልብስ ሰፊ እንየው። ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዟ 300 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ማለትም 9,000 ብር ታገኛለች። ለቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት በያንዳንዱ የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ 3,000 ብር ስለሚጨመር 18,000 ይሆናል። ድምሩ 27,000 ብር ነው፤ ይህ ክፍል ከ12 ወር ደመወዝ መብለጥ አይችልም። የተቀነሰችው ክፍሉ ተዘግቶ በመሆኑ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 18,000 ብር ይታከልላታል። ጠቅላላው 45,000 ብር ነው። ያልተጠቀመችበት የዓመት ዕረፍት ካለ ለብቻው ይታሰባል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ያ የ60 ቀኑ ጭማሪ ነው። አንዳንድ አሠሪዎች ደግሞ የሁለቱን ወር የማስጠንቀቂያ ደመወዝ ከስንብት ክፍያው ጋር ያደባልቁታል። ማስጠንቀቂያው የተሠራበት ደመወዝ ነው፤ ስንብቱ ግን ሌላ ገንዘብ ነው። ሒሳቡ ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት።

ስሌቱን በወረቀት ሳታዩና ገንዘቡን ሳትቀበሉ «የሚገባኝን ሁሉ ወስጃለሁ» በሚል ሰነድ ላይ አትፈርሙ። የጎደለ ካለም አትዘግዩ፤ ከውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።